«ደሙ በማህፀኔ ተጠራቅሞ ይሆን?»፦ እንክብል በጀመሩ ወራት ስለሚታይ ደም

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የእርግዝና መከላከያ እንክብል ከጀመርኩ ዛሬ 39ኛ ቀኔ ነው። በመጀመሪያው ፓኬት ከ11ኛው እስከ 14ኛው ቀን ጠብ ጠብ የሚል ቡናማ ደም አየሁ። ቡናማዎቹን እንክብሎች ስጀምር ደግሞ የጠበቅሁት የወር አበባ በሦስተኛው ቀን መጥቶ፣ ያውም በጣም ጥቂት ሆኖ፣ በሁለት ቀን ቆመ። አሁን በሁለተኛው ፓኬት 9ኛ ቀን ላይ ደሙ እንደገና ጀመረኝ። ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ነው የምውጠው፤ ሰባተኛውን ግን ረስቼ በማግሥቱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁለት አንድ ላይ ውጫለሁ። ጎረቤቴ ‹ደሙ በማህፀንሽ ተጠራቅሞ ነው፣ ተዪው› ትለኛለች። ልተወው? እንዳላረግዝስ እየጠበቀኝ ነው? ቤተ ክርስቲያን ለመሄድም ተቸገርኩ።»

ምላሽ፦

እንክብሉን አይተዉት። ከገለጹልኝ ነገር ውስጥ የሚያሰጋ ምልክት አላየሁም፤ ከእርግዝና የሚጠብቅዎት ኃይልም አልጠፋም። ይሁን እንጂ የነገሩኝ ደም አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያው ፓኬት መሃል የታየው፣ በቡናማዎቹ ሳምንት የመጣው እና አሁን የጀመረው ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው። ምክንያቶቹን ለይተው ካወቁ የሚቀጥለው ወር ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድመው ለመገመት ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ልሂድባቸው። የሚወስዱት በእኛ አገር በብዛት የሚገኘው ባለ 28 ፍሬ ፓኬት እንደሆነ ከአገላለጽዎ ተረድቻለሁ። በዚህ ፓኬት ውስጥ 21ዱ ፍሬዎች ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን የያዙ ሲሆኑ፣ ሰባቱ ቡናማዎች ሆርሞን የሌላቸው የብረት ማዕድን እንክብሎች ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ተጠራቀመ ደም። ይህ አስተሳሰብ በብዙ ሴቶች ዘንድ ስላለ በቀላሉ የማልፈው አይደለም። እንክብል በማትወስድ ሴት ውስጥ፣ በወሩ የመጀመሪያ አጋማሽ ከእንቁልጢዎቿ የሚመነጨው ኢስትሮጅን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍረዋል። ዕንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይጨመርና ሽፋኑን ጽንስ እንዲቀበል ያዘጋጀዋል። ጽንስ ካልመጣ ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ፣ የወፈረውም ሽፋን ፈርሶ ከደም ጋር ይወጣል፤ የወር አበባ የምንለው ይህንን ነው። እንክብል የምትወስድ ሴት ግን ፕሮጄስቲኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኢስትሮጅኑ ጋር አብራ ስለምታገኘው ሽፋኑ የመወፈር ዕድል አያገኝም። ስስ እንደሆነ ይቆያል፣ ዕንቁላልም አይወጣም። ስለዚህ ደሙ ያነሰው ወደ ውስጥ ተይዞ ቀርቶ አይደለም፤ የሚፈርሰው ሽፋን ራሱ ስለሳሳ ነው። በማህፀንዎ ውስጥ ተጠራቅሞ መውጫ የሚጠብቅ ደም የለም።

በቡናማዎቹ ሳምንት የመጣው ደም እንግዲህ በትክክለኛ ትርጉሙ የወር አበባ አይደለም። ዕንቁላል ወጥቶ ያልጸነሰበት ወር ማብቂያ ሳይሆን፣ ሆርሞኑ ለጥቂት ቀናት በመቋረጡ ብቻ የሚመጣ ስለሆነ እኔ «የመቋረጥ ደም» እለዋለሁ። የመጨረሻው የሆርሞን እንክብል ከተዋጠ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በኋላ ይጀምራል፤ የእርስዎም የመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። መጠኑ ከቀድሞው የወር አበባ በግማሽ ገደማ ያነሰ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በአንዳንዶች ላይ እንደ እርስዎ ሁለት ቀን ብቻ ታይቶ ይቆማል፣ ቀለሙም ቀይ ሳይሆን ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቡናማ የሚሆነው ደሙ ጥቂት ስለሆነና ቀስ እያለ ስለሚወርድ፣ እስኪወጣ ድረስ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስለሚጠቁር ነው። የብረት እንክብሎቹ ሰገራን ሊያጠቁሩ ይችላሉ፤ የዚህን ደም ቀለም ግን አይለውጡም።

ይህ የሰባት ቀን ዕረፍት ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። በአሜሪካ እንክብሉን ያዳበሩት ግሪጎሪ ፒንከስና የማህፀን ሐኪሙ ጆን ሮክ ሴቶች ሆርሞኑን ለተከታታይ ሃያ ቀናት ወስደው እንዲያቋርጡ ያደረጉት፣ በየወሩ ደም ሲያዩ ነገሩ ተፈጥሯዊ ሆኖ እንዲሰማቸውና እርጉዝ አለመሆናቸውን እንዲረዱ በማሰብ ነበር። የመጀመሪያው እንክብል በ1960 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለእርግዝና መከላከያነት ሲፈቀድ ይህንኑ ልማድ ይዞ ወጣ። በ2019 የእንግሊዝ የሥነ ተዋልዶ ጤና ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ የሰባት ቀኑ ዕረፍት ለጤና የሚሰጠው ጥቅም እንደሌለ ገልጿል። ይህን የምነግርዎት ደሙ በጥቂቱ መምጣቱም ሆነ አንድ ወር ጨርሶ መቅረቱ ሰውነትን የሚጎዳ ነገር እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ነው። እንክብሉን በትክክል እየወሰዱ የመቋረጥ ደም አንድ ጊዜ ቢቀር አዲሱን ፓኬት በቀኑ ይጀምሩ። በተከታታይ ለሁለት ፓኬት ከቀረ፣ ወይም በዚያ ወር እንክብሎች ዘልለው ከሆነ፣ እንክብሉን ሳያቋርጡ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ።

ቀጥሎ በመጀመሪያው ፓኬት ከ11ኛው እስከ 14ኛው ቀን ወደታየው ጠብታ እመጣለሁ። በዚያ ጊዜ አንድም እንክብል እንዳልዘለሉ ከጥያቄዎ ይገባኛል፤ ታዲያ ደሙ ከየት መጣ? ማህፀን ለብዙ ዓመታት የለመደው ወፍራም ሽፋን መሥራትን ነው። እንክብሉ ሲጀመር ሽፋኑ በአንድ ቀን አይሳሳም፤ ለውጡ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ መሃል ሽፋኑ በፕሮጄስቲኑ ተጽዕኖ እየሳሳ ሲሄድ፣ ከላዩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ቀጭን፣ በቀላሉ የሚሸነቆሩ ይሆናሉ። ሽፋኑን አጥብቆ የሚይዘው ኢስትሮጅን ደግሞ በእንክብሉ ውስጥ ያለው በጥቂት መጠን ነው፤ በብዙዎቹ ፓኬቶች ውስጥ በአንድ ፍሬ 30 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህም እዚያም ጥቂት ቦታ ላይ ይደማል፣ መልሶም ይደርቃል። ሙሉው ሽፋን ስለማይፈርስ የሚታየው የውስጥ ልብስን የሚነካ ጠብታ ነው እንጂ ሞዴስ የሚያርስ ፈሳሽ አይደለም።

ይህ የመሃል ጠብታ በመጀመሪያው ወር ከአሥር ሴቶች እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ በሦስተኛው ወር ግን ከአሥሯ አንዷን እንኳ አይሞላም። ኢስትሮጅናቸው 20 ማይክሮግራም ብቻ በሆኑት እንክብሎች ጠብታው ይበዛል፤ ሲጋራ በሚያጨሱ ሴቶችም እንዲሁ። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ እንክብሉ በትክክል እየተወሰደ የሚታይ ጠብታ መከላከያው ሥራውን ማቆሙን አያመለክትም። ዕንቁላል እንዳይወጣ የሚያደርገው ሆርሞኑ በአንጎል ላይ ባለው ተጽዕኖ ሲሆን፣ ጠብታው የሚመጣው ከማህፀን ሽፋን ነው። አንዱ በሌላው ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም።

አሁን የጀመርዎት ደም ግን የተለየ ታሪክ አለው። እስቲ አብረን እንቁጠር። ስድስተኛውን እንክብል ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዋጡ። ሰባተኛው በማግሥቱ ጠዋት መዋጥ ነበረበት፤ አልተዋጠም። በስምንተኛው ቀን ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ወሰዱ። በመካከሉ ያለ ሆርሞን የቆዩት 24 ሰዓት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከስድስተኛው እንክብል እስከሚቀጥለው ድረስ ያለፈው ጊዜ 62 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በደምዎ ያለው ሆርሞን በብዙ ወረደ፤ ሽፋኑም የመቋረጥን ምልክት ተቀበለና በማግሥቱ መድማት ጀመረ። ይህ በትንሹ የሆነ የመቋረጥ ደም ነው። ሆርሞኑ ቢመለስም የተሸነቆሩት የደም ሥሮች እስኪጠገኑ ጥቂት ቀናት ስለሚወስድ ጠብታው ለትንሽ ጊዜ ይቀጥል ይሆናል።

ከእርግዝና መጠበቁን በተመለከተ ያደረጉት ትክክል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው መመሪያ መሠረት፣ 30 ማይክሮግራም ካለው እንክብል አንድ ወይም ሁለት የተረሳ እንደሆነ፣ እንደታወሰ አንዱን መዋጥና ቀሪውን በየቀኑ መቀጠል ይበቃል፤ በአንድ ቀን ሁለት መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ተጨማሪ መከላከያ ግን አያሻም። ሦስትና ከዚያ በላይ ከተረሱ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ እንደታወሰ አንድ ውጦ መቀጠልና ለሰባት ቀናት በኮንዶም መጠቀም ወይም ከግንኙነት መታቀብ ይገባል። መርሳቱ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሆነ ደግሞ የቀሩትን የሆርሞን እንክብሎች ጨርሶ፣ ቡናማዎቹን ትቶ፣ በማግሥቱ አዲስ ፓኬት መጀመር ነው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ረስተው ባለፉት አምስት ቀናት ውስጥ ግንኙነት ከነበረ ስለ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ሳይዘገዩ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ እንዲያስታውሱት የምፈልገው አንድ ቀን አለ፤ እርሱም የአዲሱ ፓኬት የመጀመሪያ ቀን ነው። ሴቶች በመሃል የተረሳ እንክብል ያስደነግጣቸዋል፤ አዲሱን ፓኬት ሁለትና ሦስት ቀን ዘግይቶ መጀመርን ግን «ገና አልጀመርኩም» ብለው ያቃልሉታል። በእውነቱ የሚያሰጋው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም እንቁልጢዎች ለሰባት ቀናት ዕረፍት ካገኙ በኋላ መንቃት ይጀምራሉ፣ ዕረፍቱ ወደ ዘጠኝና አሥር ቀን ሲረዝም ዕንቁላል ለማብሰል ጊዜ ያገኛሉ። ደሙ ገና ባይቆምም አዲሱ ፓኬት በቀኑ ይጀመር። አዲሱን ፓኬት በስህተት ከቡናማዎቹ የሚጀምሩ እናቶችም ገጥመውኛል፤ ያ ማለት ያለ ሆርሞን 14 ቀን መቆየት ስለሆነ በፓኬቱ ላይ ያለውን የቀስት ምልክት ተከትለው መጀመርዎን አንድ ጊዜ ይመልከቱ።

ጎረቤትዎ እንዳሉት ዛሬ ቢያቆሙት የሚሆነውን ልንገርዎ። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ከአሁኑ የበዛ ደም ይመጣል፤ እርሳቸውም «አላልኩሽም? የተጠራቀመው ወጣ» ይላሉ። የመጣው ግን ሆርሞኑ በመቋረጡ የፈረሰው ስስ ሽፋን ነው። ይህ አጋጣሚ ነው የተጠራቀመ ደም የሚለውን እምነት በየሰፈሩ ሕያው አድርጎ ያቆየው፤ የሚያዩት ነገር የሚያምኑትን ያረጋገጠላቸው ይመስላቸዋልና ሴቶቹን አልወቅስም። ጉዳቱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ደሙ ከቆመ በኋላ «ሰውነቴ ትንሽ ይረፍ» ተብሎ ጥቂት ሳምንታት ሲታለፍ ዕንቁላል ሊወጣ ይችላል፤ በሥራ ዘመኔ ያልታሰበ እርግዝና ይዘው ከመጡት መካከል በጠብታ ተደናግጠው እንክብል ያቆሙ ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። ደሙን ለማስቆም ብለው በራስዎ ውሳኔ በየቀኑ ሁለት ሁለት መዋጥም አይጠቅምም፤ ማቅለሽለሽን ያመጣል፣ ፓኬቱንም ከቀኑ በፊት ይጨርሰዋል።

ጠብታውን የሚቀንሰው አንደኛ ነገር ሰዓትን መጠበቅ ነው። የጠዋት 1 ሰዓት ለሥራ የሚጣደፉበት ከሆነ ከራት በኋላ፣ ለምሳሌ ማታ 3 ሰዓት ቢያደርጉት ይሻላል፤ በጾም ወራትም ሰዓቱ አይዛባም። የረመዳን ጾም ለምትጾም እህትም የማታው ሰዓት ይስማማታል። በስምንተኛው ቀን ማታ ከዋጡ ወዲህ ወደ ጠዋቱ ተመልሰው ከሆነ ግድ የለም፤ ማታውን የሚመርጡ ከሆነ ግን ከሆርሞን እንክብሎቹ ላይ ሰዓት ከማሸጋገር ይልቅ ቡናማዎቹ እስኪደርሱ ይጠብቁና በእነርሱ ሳምንት ይለውጡት፣ አዲሱንም ፓኬት በቀኑ ጠዋት ጀምረው በዚያው ቀን ማታ ሁለተኛውን ይዋጡ። እንዲህ ሲያደርጉ ዕረፍቱ አይረዝምም። እንክብሉን በዋጡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለስዎት ሌላ ይውሰዱ። ሰዓት ተጠብቆም ጠብታው ካስቸገረ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የቤተሰብ ዕቅድ መመሪያ እንደሰፈረው፣ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ለአምስት ቀናት መውሰድ ለጊዜው ሊያቀልለው ይችላል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ሴት ግን ይህን አትውሰድ፤ ሌሎችም ከባለሙያ ጋር ሳይነጋገሩ ባይጀምሩት እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፤ ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ? ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። በእነዚህ ጊዜ የሚታይ ጠብታ ከላይ ካልኩት የተለየ ነው፤ ምክንያቱም መጠኑ በመውረዱ የመጣ ስለሆነ መከላከያውም ሊደክም ይችላል፣ ሌላ ዘዴም ያስፈልጋል። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ የተለመዱ አንቲባዮቲኮች ግን ይህን አያደርጉም። እንዲሁም ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠውና ፕሮጄስቲን ብቻ የያዘው እንክብል ቡናማ ሳምንት ስለሌለው፣ እዚህ ያልኩት የቀን ቆጠራ ለእርሱ አይሆንም።

ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ የሚያስፈልገው ደሙ በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ እያራሰ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቀጠለ፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ፣ ወይም ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ አብሮ ከታየ ነው። በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም ከጠብታ ጋር ከመጣ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና መኖሩ መመርመር አለበት። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማህፀን በር ነው፤ እንደ ክላሚዲያ ያለ ኢንፌክሽን ወይም በማህፀን በር ላይ ያለ ቁስለት ሊሆን ስለሚችል በእንክብሉ ማመካኘት አይገባም። ለብዙ ወራት ያለ ጠብታ ቆይቶ በድንገት የጀመረ ደምም እንደ ጀማሪ ወራት ጠብታ አይታይም፤ ምክንያቱ ይፈለግ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ያነሱትን እኔ ልወስንልዎ የምችለው አይደለም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ለእርሳቸው ግን በትክክል መግለጽ ያለብዎት ነገር አለ፤ በፓኬቱ መሃል የሚታየው ጠብታ በመድኃኒት ምክንያት ከስስ ሽፋን የሚወጣ እንጂ የወር አበባ አይደለም። በታወቀ በዓል ወይም በጾም ጊዜ ደም እንዳይመጣ የምትፈልግ ሴት ቡናማዎቹን ትታ በቀጥታ አዲስ ፓኬት ልትጀምር ትችላለች፤ ይህ ለጤና አያሰጋም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሞከር ግን ጠብታውን ስለሚያበዛው፣ እርስዎ አሁን ባያደርጉት እመክራለሁ፤ ከአራተኛው ፓኬት በኋላ ይመለሱበት።

አሁን ቀኖቹን ጽፈው ያስቀምጡ። ዛሬ 39ኛው ቀን ነው። ቡናማዎቹ በ50ኛው ቀን ይጀምራሉ፤ የመቋረጥ ደም ከ51ኛው እስከ 53ኛው ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠበቃል፣ በጣም ጥቂትም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ፓኬት በ57ኛው ቀን ይጀመርና በ84ኛው ያልቃል። ደም ባዩበት ቀን ሁሉ አንድ ምልክት ያድርጉ፤ ጠብታ ብቻ ከሆነ ነጥብ፣ ሞዴስ የሚያስፈልግ ከሆነ መስቀል፤ የዘለሉትን ወይም ያዘገዩትን እንክብል ደግሞ ከጎኑ ይጻፉ። 84ኛው ቀን አልፎም ነጥቦቹ ካልቀነሱ ያንን ወረቀትና ባዶ ፓኬቶቹን ይዘው እንክብሉን ወደ ሰጠዎት የጤና ተቋም ይሂዱ፤ የኢስትሮጅን መጠኑ ወይም የፕሮጄስቲኑ ዓይነት የተለየ እንክብል ሊቀየርልዎ ይችላል፤ ለመቀየር የሚመለከትዎት ባለሙያም ከምንም በላይ የሚጠቅመው ያ ወረቀት ነው።